«አንድ ማንኪያ ስጡት»፦ ያልተሟላ ትእዛዝን በግምት መሙላት በሕክምና ለምን ብዙ ያስከፍላል?

አንድ ጓደኛዎ «በ8 ሰዓት አብነት እንገናኝ» ብሎ ደወለልዎት እንበል። አብነት ሰፊ ሰፈር ነው። የታክሲ መውረጃው ጋ ይሁን፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ በኩል ይሁን አልነገረዎትም። እርስዎ ታክሲ መውረጃው ጋ ሲጠብቁ እሱ ከማዶ ቆሟል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ «የት ነህ?» ተባብላችሁ ትስቃላችሁ፤ አንዳችሁ መንገዱን ትሻገራላችሁ፣ ጉዳዩም በዚሁ ያልቃል።

አሁን ደግሞ «8 ሰዓት» የሚለው ቃል በመድኃኒት ከረጢት ላይ ተጽፎ ተሰጠዎት እንበል። ጻፊው «በየ8 ሰዓቱ» ማለቱ ነው። አንባቢው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት መስሎት በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ይውጣል። እዚህ ላይ «የት ነህ?» ብሎ የሚደውል የለም። ስህተቱ ለሰባት ቀን ሳይታወቅ ይቀጥላል።

በሁለቱም ቦታ የጎደለው አንድ ትንሽ ቃል ነው፤ በሁለቱም ቦታ ሰሚው ክፍተቱን በራሱ ግምት ሞልቶታል። ዋጋቸው ግን እጅግ ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ከአንድ ሕፃን የትኩሳት መድኃኒት ተነሥቶ ያብራራል።

ጉዳዩ ዛሬ ለምን ይነሣል?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ መጨመሩን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ የሚገኘውም ዓይነት ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ባለፈው ወር የገዙት ሽሮፕ ዛሬ ላይኖር፣ ቢኖርም በሌላ ፋብሪካ ስም፣ በሌላ ጥንካሬና በሌላ ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። የታካሚው ቤተሰብም ረከስ ያለ ለማግኘት ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ማዘዣውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለዘመድ ይልካል፤ ወይም ወረቀቱን ትቶ የመድኃኒቱን ስም ብቻ በቃሉ ይዞ ይሄዳል።

ድሮ ሐኪሙና መድኃኒት ቤቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሆኑ፣ በማዘዣው ላይ የጎደለውን ነገር ሁለቱም ያውቁት ነበር። «እኛ ጋ ያለው አንድ ዓይነት ሽሮፕ ብቻ ነው» ከተባለ ጥንካሬውን አለመጻፍ የሚታይ ጉዳት አያመጣም። ማዘዣው ከግቢው ወጥቶ መርካቶን ሲዞር ግን ያ የጋራ ዕውቀት አብሮት አይሄድም። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ በየሱቁ ይለያያል።

አንድ ሕፃን፣ ሁለት ጠርሙስ

አብነት አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ ያጋጠመኝን እነግራችኋለሁ፤ የቤተሰቡ ማንነት እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሆነው 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በጉንፋንና በትኩሳት መጣ። ከመረመርኩት በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ፓራሲታሞል፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየ6 ሰዓቱ፣ ትኩሳት ሲኖር።» ለእናቱም «አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው» አልኳት። በአእምሮዬ የነበረው ብዙ ጊዜ የማየው ሽሮፕ ነው፤ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም መድኃኒት የያዘው። ይህን ግን አልጻፍኩትም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለሕፃን የሚሰጠው የፓራሲታሞል መጠን በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ ለሆነ ሕፃን ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይሆናል። የኔ 120 በዚህ መካከል ነበር። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም።

ቤተሰቡ ሽሮፑን ገዝቶ በትክክል ሰጠ። በሁለተኛው ቀን ማታ ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ። አባት በጥድፊያ ወደ ቅርብ መድኃኒት ቤት ሄዶ «የልጅ ፓራሲታሞል ስጠኝ» አለ። ሻጩ የልጅ ፓራሲታሞል ሰጠው። የሰጠው ግን ጠብታ ነበር፤ በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም የያዘ፣ ለጨቅላ ሕፃናት በመንጠቆ እየተለካ እንዲሰጥ የተዘጋጀ ትንሽ ጠርሙስ። መንጠቆው በካርቶኑ ውስጥ ነበር። እናት ግን ልኩን ከሐኪም ሰምታለች፤ «አንድ የሻይ ማንኪያ»። ያንኑ ሰጠች።

በአንድ የሻይ ማንኪያ ጠብታ ውስጥ 500 ሚሊ ግራም አለ። ይህ አንድ አዋቂ ሰው የሚውጠው ሙሉ እንክብል ነው። ለሕፃኑ በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ማለት ነው፤ ካሰብኩት አራት እጥፍ በላይ። ጠርሙሱ 15 ሚሊ ሊትር ስለነበር በሦስት ማንኪያ አለቀ። ሕፃኑ ከማታ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ 1,500 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በኪሎ 150 ሚሊ ግራም ወሰደ።

አባት ሁለተኛ ጠርሙስ ሊገዛ ወደዚያው መድኃኒት ቤት ተመለሰ። በዚያ ሰዓት የነበረችው ፋርማሲስት ባዶውን ጠርሙስ አየችና «ወንድሜ፣ ይሄንን ትናንት ማታ አይደል የወሰዱት? እንዴት አለቀ? ተደፋ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «አልተደፋም፣ ሐኪሙ አንድ አንድ ማንኪያ ብሏል» አላት። መድኃኒቱን አልሸጠችለትም፤ ልጁን ይዞ ወደ እኛ እንዲመጣ ነገረችው።

በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 150 ሚሊ ግራም የደረሰ ሕፃን በሆስፒታል መታየት አለበት፤ አራተኛዋ ማንኪያ ብትጨመር ኖሮ 200 ይደርስ ነበር፤ በዚህ መጠን ደግሞ ጉበት የመጎዳት አደጋው ግልጽ ነው። ወደ ሆስፒታል ላክነው። መድኃኒቱ በተለያየ ሰዓት የተወሰደ ስለሆነ በአንድ የደም ምርመራ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ የጉበት ምርመራው በተከታታይ ተደረገለት፣ ማርከሻውም ተሰጠው። ሕፃኑ ደህና ሆኖ ወጣ።

ሰንሰለቱን ወደ ኋላ ስናየው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ግድየለሽ የነበረ ሰው አላገኘሁም። እኔ ሽሮፕ እንደሚሰጥ ገመትኩ። አባት «የልጅ ፓራሲታሞል» ሁሉ አንድ እንደሆነ ገመተ። ሻጩ ጠብታ የሚገዛ ሰው በመንጠቆው እንደሚጠቀም ገመተ። እናት ሐኪም የነገራት ልክ ለአዲሱም ጠርሙስ እንደሚሠራ ገመተች። አራት ግምት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። የመጀመሪያዋ ፋርማሲስት ያልሆነች ጠያቂ ብትኖር፣ ከአራቱ አንዳችን «የቱን?» ብንል ኖሮ ሰንሰለቱ ይበጠስ ነበር።

ማናችንም እንደምንገምት አላወቅንም። ይህ የጉዳዩ ሥር ነው። ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ «እዚህ የጎደለ ነገር አለ» አይልም፤ ዘወትር በለመደው ነገር ሞልቶ ያነበዋል። ጓደኛዎ «አብነት» ሲል እርስዎ ሁልጊዜ የሚወርዱበት ቦታ ብቻ እንደሚታይዎት ሁሉ፣ እኔም «5 ሚሊ ሊትር» ስጽፍ የታየኝ ያ የለመድኩት ሽሮፕ ብቻ ነው።

ይህ ችግር የኛ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ለዓመታት የሕፃናት ፓራሲታሞል ጠብታና ሽሮፕ በተለያየ ጥንካሬ ይሸጡ ነበር፤ ወላጆችም ሁለቱን እያቀላቀሉ ሕፃናት ተጎድተዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. አምራቾቹ ጠብታውን ከገበያ አውጥተው ለሕፃናት የሚሸጠው ፈሳሽ ሁሉ በአንድ ጥንካሬ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም፣ እንዲሆን ወሰኑ። ወላጆችን «ተጠንቀቁ» ከማለት ይልቅ ግምቱን ራሱን አስቀሩት። በኛ መደርደሪያዎች ላይ ግን የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ጠርሙሶች አሁንም ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ጥንካሬውን መጻፍና መጠየቅ የኛው ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ዋጋውን የሚያከብዱት ሦስት ነገሮች

1. ስህተቱ የሚታወቅበት ጊዜ

በጨዋታ መካከል የተሳሳተ ግምት ወዲያው ይጋለጣል። «እሱን ማለቴ አይደለም» ይባላል፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያርመዋል። በሕክምና ግን እርማቱ ይዘገያል፤ ሲመጣም በሽታውን መስሎ ይመጣል።

ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከልክ በላይ የወሰደ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታይበት ይችላል፤ ቢታይም ማስመለስና ምግብ እምቢ ማለት ነው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ደግሞ ያለዚያም ያስመልሳል። እናት «በሽታው ባሰበት» ብላ መድኃኒቱን ትጨምራለች እንጂ መድኃኒቱን አትጠረጥርም። የጉበት ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ከሁለተኛው ቀን በኋላ ነው። ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው ግን ቀደም ብሎ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ምልክቱ ሲመጣ ጥሩው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

2. መመለስ መቻሉ

በገንዘብ ጉዳይ ላይ ይህን ማየት ይቀላል። አንድ የመርካቶ ነጋዴ ለሠራተኛው «ለአሕመድ 50 ላክለት» ብሎ መልእክት ጻፈ እንበል። ሃምሳ ብር ነው ወይስ ሃምሳ ሺ? ዕቃ አምጪው አሕመድ ነው ወይስ ባለሱቁ? በቡና ሰዓት ወሬ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጎዳም። ሠራተኛው በስልኩ ሃምሳ ሺ ብር ለተሳሳተው አሕመድ ከላከ ግን ገንዘቡ በሰከንዶች ውስጥ የሌላ ሰው ሆኗል። ባንኩም ከዚያ ሰው ሒሳብ ላይ ያለ ፈቃዱ በቀላሉ አንሥቶ አይመልስም።

ሆኖም ባንኮች ያልተሟላ ትእዛዝ ምን እንደሚያስከትል ከጥንት ያውቁታል። ቼክ ላይ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም የሚጻፈው ለዚህ ነው። ገንዘብ ከፋዩ ያልተሟላ ቼክ ሲደርሰው «ይህን ለማለት ፈልጎ ይሆናል» ብሎ አይከፍልም፤ ይመልሰዋል። የስልክ ገንዘብ መላኪያዎችም ከመላክዎ በፊት የተቀባዩን ስም አሳይተው «እርግጠኛ ነዎት?» ይላሉ። የተላከውም ገንዘብ ዱካ አለው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ችግር ገጥሞት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ማን ምን ያህል እንደወሰደ በስም ለይቶ አብዛኛውን ማስመለስ የቻለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ ስለነበር ነው።

የተዋጠ መድኃኒት ግን ደረሰኝ የለውም። ስንት ማንኪያ እንደተሰጠ የሚያውቀው በሌሊት የሰጠው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ደክሞት ነበር። ገንዘብ ይከሰሳል፣ ይጠየቃል፣ በክፍያ ይመለሳል። በጉበት የተጣራ መድኃኒት አይመለስም።

3. ዋጋውን የሚከፍለው ሰው

በተለመደ ጨዋታ የገመተውም የሚቸገረውም ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በተሳሳተው ጥግ የሚቆመው እርስዎ ራስዎ ነዎት። በሕክምና ግን የሚገምተው ሐኪሙ፣ ሻጩ ወይም ወላጁ ሲሆን የሚከፍለው መናገር የማይችል ሕፃን ነው። ገማቹ ራሱ ስለማያመው፣ ግምቱን የሚያስቆም ሕመም አይሰማውም። አንዳንዴም ስህተቱን ሳያውቀው ሥራውን ይቀጥላል፤ ነገም በዚያው መንገድ ይገምታል።

የማነስ ስህተት፦ «8 ሰዓት»

ከልክ በላይ መውሰድ ያስደነግጣል። ከልክ በታች መውሰድ ግን ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ።

አንድ አዋቂ ለሳንባ ምች አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም፣ በየ8 ሰዓቱ አንድ፣ ለ7 ቀን ታዘዘለት። 21 ፍሬ ተሰጠው። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ግን «1 ፍሬ፣ 8 ሰዓት» ነው። እኛ የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር «8 ሰዓት» ለማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ትርጉም አለው፤ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ሰውየው በቀን 1,500 ሚሊ ግራም መውሰድ ሲገባው 500 ብቻ ይወስዳል። አሞክሳሲሊን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት በመሆኑ አመሻሹ ላይ በደሙ ውስጥ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጀርሙ ሌሊቱን ሙሉ ነፃ ነው።

ታካሚው ትንሽ ተሽሎት ይሰነብታል፤ ከዚያ ያገረሽበታል። ወደ ሌላ ሐኪም ሄዶ «አሞክሳሲሊን ወስጄ አልሠራልኝም» ይላል። ሐኪሙም በካርዱ ላይ ይህንኑ ይጽፋል፤ ጠንከር ያለና ውድ የሆነ መድኃኒት፣ አንዳንዴም መርፌ ያዛል። የመጀመሪያው መድኃኒት በትክክል አልተሞከረም ነበር፤ አሁን ግን «ያልሠራ» ተብሎ ተመዝግቧል። የተሳሳተው ግምት ታካሚውን ብቻ ሳይሆን ቀጣዩንም ሐኪም አሳሳተው።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የተረፈውን መቁጠር ይበቃል። ለ7 ቀን የታዘዘ 21 ፍሬ በሰባተኛው ቀን 14 ከተረፈ፣ መድኃኒቱ አልተወሰደም እንጂ አልሠራም አይባልም። ሕፃኑንም ያተረፈው ይኸው ቆጠራ ነው፤ ለቀናት ሊበቃ የሚገባው ጠርሙስ በአንድ ሌሊት ማለቁ። ሳያልቅ የቀረ ወይም ቀድሞ ያለቀ መድኃኒት፣ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ግምት እንዳለ የሚናገር ምስክር ነው።

«2×1» ተብሎ በካርቶን ላይ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። ለአንዱ ሁለት ፍሬ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሌላው አንድ ፍሬ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በአንዳንድ መድኃኒቶች የቀኑ ድምር አንድ ስለሆነ ችግሩ አይጎላም። እንቅልፍ የሚያመጣ ወይም የደም ግፊት የሚያወርድ መድኃኒት ሲሆን ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ሰውየውን ሊጥለው ይችላል።

የተለመደው ሁልጊዜ ትክክል አይደለም

ግምት ሁልጊዜ ወደ ተለመደው ያደላል። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው ካልተለመደ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ነው። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ለአንዳንድ የቆዳ በሽታዎች ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። «በሳምንት» የሚለው ቃል ከማዘዣው ወይም ከከረጢቱ ላይ ከቀረ፣ ሻጩም ታካሚውም በየቀኑ እንደሆነ ያስባሉ፤ ምክንያቱም የሚያውቋቸው እንክብሎች ሁሉ ማለት ይቻላል በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው። በየቀኑ ሲወሰድ የአጥንት መቅኔን ያደክማል፣ አፍ ያቆስላል፣ ሰውነት ኢንፌክሽንን የመከላከል አቅሙን ያጣል፤ ሰዎችም ሞተውበታል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ስህተት ለመከላከል ብቻ ልዩ መመሪያ አውጥቷል። ከነዚህም አንዱ ታካሚው መድኃኒቱን የሚወስድበት የሳምንቱ ቀን በስሙ ተጠርቶ እንዲጻፍ የሚያበረታታ ነው። «በሳምንት አንዴ» ከሚል «ሰኞ ሰኞ» የሚል ይሻላል፤ ለግምት ቦታ አይተውምና።

ታዲያ ለምን አንጠይቅም?

በሀገራችን መደበኛ የማዘዣ ወረቀት ላይ የታካሚው ዕድሜና ክብደት፣ የመድኃኒቱ ጥንካሬና ዓይነት፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚሉ ነገሮች የሚጻፉበት ቦታ አለ። ስለዚህ ችግሩ ደንብ አለመኖሩ አይደለም። በሀገር ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ እንደሚያሳዩት ቦታው እያለ ባዶ ይተዋል። ከውጭ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፤ የሕፃኑን ክብደት ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ በቀን ብዙ ደቂቃ ነው። እኔም የተሳሳትኩት በዚያ ሰበብ ነው።

በመድኃኒት ቤት በኩል ደግሞ ማዘዣውን ይዞ ወደ ሐኪሙ መደወል እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ስልኩ በወረቀቱ ላይ የለም፤ ቢኖርም ሐኪሙ ይቆጣ ይሆናል። ደንበኛውን «ሂድና አስጽፈህ ና» ማለትም ደንበኛ ማጣት ነው፤ ከጎን ያለው ሱቅ ሳይጠይቅ ይሸጥለታል። ታካሚውም ቢሆን ከነጭ ጋዋን ፊት «አልገባኝም» ማለት ያፍራል። «ገባዎት?» ሲባል «አዎ» ማለት ከጨዋነት ይቆጠራል። በዚህ መሃል መጠየቅ ሁሉንም የሚያስቸግር፣ መገመት ደግሞ ሁሉንም የሚያስደስት ይመስላል፤ የግምቱ ሒሳብ የሚመጣው ሁሉም ከተለያየ በኋላ ነውና።

የቱን መጠየቅ፣ የቱን መተው

ሁሉንም ነገር መጠየቅ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አንድ የጎደለ ነገር ሲያጋጥም «ብሳሳት ወዲያው አውቃለሁ? ብሳሳት መመለስ እችላለሁ?» ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ መገመት ችግር የለውም። ፓራሲታሞል ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ጠዋት የሚወሰደው በ1 ሰዓት ይሁን በ2 ሰዓት ብዙ ለውጥ አያመጣም።

የሚከተሉትን ግን አይገምቱ፦

• ጥንካሬው። ለሽሮፕና ለጠብታ «በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም?» ለእንክብል «የስንት ሚሊ ግራም?» ይበሉ። አዲስ ጠርሙስ በገዙ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ከተለየ የድሮው ልክ አይሠራም።

• መለኪያው። «ማንኪያ» ብቻ ከተባለ የቱ እንደሆነ ይጠይቁ። የሾርባ ማንኪያ ከሻይ ማንኪያ ሦስት እጥፍ ያህል ይይዛል። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ካለ በእሱ ይለኩ።

• በቀን ስንት ጊዜ። «በየስንት ሰዓቱ» ከሆነ ሰዓቶቹን ያስቆጥሩ። በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓት ነው።

• በየቀኑ ነው ወይስ በሳምንት? ለስንት ቀንስ? ሲያልቅ ይቆም ወይስ ሌላ ይገዛ?

• የሕፃኑ ክብደት። መድኃኒት ለሕፃን የሚታዘዘው በኪሎ ስለሆነ ለታላቅየው የታዘዘውን ለታናሹ አይስጡ።

ከመድኃኒት ቤቱ ከመውጣትዎ በፊት «ገባኝ» ከማለት ይልቅ የገባዎትን መልሰው ይናገሩ፦ «እንግዲህ ይሄን፣ በዚህኛው መለኪያ እስከዚህ መስመር ድረስ፣ ጠዋት ቀንና ማታ፣ ለአምስት ቀን ነው የምሰጠው።» ሰጪው ስህተት ካለ በዚህ ጊዜ ይሰማዋል። ይህ በጨዋታ መካከል በራሱ የሚመጣውን እርማት በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሆን ብሎ መፍጠር ነው። ማዘዣውን ለዘመድ በስልክ ሲልኩም የወረቀቱን ሙሉ ገጽታ፣ ከአሮጌው ጠርሙስ ጽሑፍ ጋር ፎቶ አንሥተው ይላኩ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ከዚያች ፋርማሲስት የተማርኩትን ነው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሕፃን ስጽፍ ከ«ሚሊ ሊትር» በፊት «ሚሊ ግራም» እጽፋለሁ፣ ጥንካሬውንም አስከትላለሁ፤ ስልክ ቁጥሬንም በወረቀቱ ግርጌ እተዋለሁ። በወር ጥቂት ጊዜ ይደወላል። አንዳንዱ ጥያቄ ቀላል ነው፤ ወረፋው ላይ ሆኜ ስመልስ ሰው ያጉረመርማል። እሷ ባትጠይቅ ኖሮ ግን ያ አባት ሁለተኛውን ጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሕፃን ከታዘዘለት በላይ ፓራሲታሞል እንደወሰደ ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ደህና ቢመስልም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ጠርሙሱን፣ ካርቶኑንና የተጠቀሙበትን ማንኪያ ይያዙ፤ በስንት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሰጡት በወረቀት ይጻፉ። በቤት ውስጥ ለማስመለስ አይሞክሩ።

*ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ትእዛዝ አይተካም። እዚህ የተጠቀሱትን መጠኖች ለራስዎ ወይም ለልጅዎ መድኃኒት ለማዘዝ አይጠቀሙባቸው።*